የአሳ ቋንጣ በስንት ብር ይጀመር? ከባሕር ዳር የመጣው ጥያቄና የተከተለው ክርክር

በአነስተኛ ንግድ ክፍላችን ሰሞኑን ብዙ ሰው ያነጋገረ የውይይት ክር አለ። ረጅም ነው፤ መሃሉ ላይ ደግሞ በሌላ ወሬ ተበርዟል። ለማንበብ ጊዜ ላጣችሁ ዋና ዋናውን የምላሾቹን ቁጥር እየጠቀስኩ ልተርክላችሁ። እኔም ውስጡ ጽፌያለሁ፤ ስለዚህ ሐሳቤን ሳልደብቅ ነው የማወራችሁ።

ጠያቂዋ ባሕር ዳር የምትኖር እህት ናት። ከጣና የሚወጣ የቀረሶ ፍሌቶ ትገዛለች። በቀጭኑ ትዘለዝለዋለች፣ በጨውና በበርበሬ ታሸዋለች፣ በኤሌክትሪክ ማድረቂያ ታደርቀውና በ250 ግራም ከረጢት ታሽገዋለች። የበሬ ቋንጣ በየሱቁ ሞልቷል። የታሸገ የአሳ ቋንጣ ግን እሷ በጠየቀችባቸው ሱቆች የለም። ሦስት ሰው ሦስት ምክር ሰጥቷታል። ወንድሟ ወጪሽን ደምረሽ 20 በመቶ ጨምሪበት ይላታል። ጓደኛዋ ሰው ለስጦታ የሚገዛው ነገር ስለሆነ ከፍ አድርጊው ትላታለች። ሰፈሯ ያለው ባለሱቅ ደግሞ መጀመሪያ በርካሽ አስለምጂ፣ በኋላ ትጨምሪያለሽ ብሏታል። ማንን ልስማ ነው ጥያቄዋ።

ደስ ያለኝ ሒሳቧን ሳትሸሽግ ማቅረቧ ነው። ለአንድ ከረጢት አንድ ኪሎ ፍሌቶ በ420 ብር ትገዛለች። ለቅመም 25፣ ለሠራተኛ በከረጢት 45፣ ለከረጢትና ለመለያው 20፣ ለመብራት 10፣ ለመጓጓዣ 10 ብር ታወጣለች። ድምሩ 530 ብር ነው። ከዚህ ሌላ የክፍሉ ኪራይና የማድረቂያው ክፍያ በወር 18,000 ብር ይወስድባታል፤ ይኼ ብትሸጥም ባትሸጥም አይቀርላትም። በወር 300 ከረጢት እሸጣለሁ ብላ ስላሰበች 18,000ውን ለ300 አካፈለችና 60 ብር ደረሰው። 530 እና 60 ሲደመር 590። የወንድሟ 20 በመቶ ሲጨመርበት 708 ይሆናል፤ 710 ልበለው አለች።

1ኛው ምላሽ የሰጡት አንድ ትሑት አባት ናቸው። እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ ብለው ጀምረው፣ የወንድሟን ምክር ደገፉ። ከወጪ በታች የሸጠ ነጋዴ ሲከስር እንጂ ሲያድግ አላየሁም የሚል ነው የሐሳባቸው ጭብጥ። ማንም አልተቃወማቸውም፤ አሥራ ምናምን ሰው ወደደላቸው።

2ኛው ጣና ላይ ሰዎችን ወደ ገዳማቱ የሚያመላልስ ጀልባ ያለው ሰው ነው። ሥራ ሲጀምር ወደ ደብረ ማርያምና ወደ ዘጌ ለመሄድ ከሌሎቹ ጀልባዎች በግማሽ ዋጋ ይጭን እንደነበር ተረከ። መጀመሪያ ሳቁበት። ከዚያ ግን ጀልባው ሁልጊዜ ሞልቶ ይሄድ ጀመር፣ ሰውም ለሰው ነገረለት፣ ዛሬ ዋጋው ከሌሎቹ እኩል ነው። ስለዚህ የባለሱቁን ምክር ስሚ፣ በ450 ጀምሪ አላት። አነጋገሩ ሞቅ ያለ ነው፤ በራሱ ሕይወት ያየውን ስለሆነ የሚያወራው ብዙ ሰው አሳመነ።

3ኛው ጥያቄውን ጨርሶ አላነበበውም መሰለኝ። ከአምባዛ ቋንጣ ይሠራል ወይ ብሎ ስለ አደራረቁ ጠየቀ። አምባዛ ስብ ስላለው ቶሎ እንደሚሸት፣ ቅርፊት የለውም ብሎ የማይበላውም ሰው ብዙ እንደሆነ ሌላ ሰው በአጭሩ መለሰለትና ታለፈ።

4ኛው ላይ ነው ክሩ ሌላ መልክ የያዘው። የጻፈችው ሴት ለትናንሽ የምግብ ማምረቻዎች ሒሳብ ስትይዝ የኖረች ናት። ከወጪ ላይ ትርፍ መደመር ስህተት ነው አላለችም። ያለችው፣ 60 ብሩ ከየት መጣ ነው። የመጣው በወር 300 ይሸጣል ከሚል ግምት ነው። 300 የሚሸጠው ደግሞ ዋጋው ለሰው ከተስማማው ነው። ዋጋውን ለማውጣት ሽያጩን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ሽያጩ ግን በዋጋው ላይ ይንጠለጠላል።

ከዚያ በቁጥር አሳየች። 300 የታሰበው 150 ብቻ ቢሸጥ 18,000ው ለ150 ሲካፈል 120 ብር ይሆናል። ወጪው ወደ 650 ይወጣል። የወንድሟ ቀመር በዚያ ላይ 20 በመቶ ጨምሪ ስለሚል ዋጋው 780 ይሆናል። እቃው አልሸጥ ባለ ጊዜ ቀመሩ ዋጋ ጨምሪ ይላል! ዋጋው ሲጨምር ደግሞ ሽያጩ ይብስ ይወርዳል። በርካታ አዲስ እቃ እንዲህ ሆኖ ነው ከመደርደሪያ የሚጠፋው አለች። ወጪ የሚያገለግለው ከዚህ በታች አልወርድም የሚባለውን ወለል ለማወቅ ነው፤ ዋጋውን ራሱን አይነግርም። የእህታችን ወለል 530 ነው። በ710 ስትሸጥ ከእያንዳንዱ ከረጢት 180 ብር ይተርፋታል፤ 18,000ውን ለመሸፈን 100 ከረጢት መሸጥ አለባት። መጠየቅ ያለባት 100 ሰው ይገዛኛል ወይ የሚለውን ነው። በዚህ ምላሽ ላይ የምጨምረው የለኝም፤ ደጋግማችሁ አንብቡት።

5ኛውን የጻፈው አሳ ማዘጋጃ ውስጥ የሠራ ሰው ነው። ዋጋውን ተወውና አንድ ኪሎ ፍሌቶ በእርግጥ 250 ግራም ይሰጣል ወይ ብሎ አጣራ። የአሳ ሥጋ ከአምስት እጁ አራቱ ገደማ ውሃ ነው። አንድ ኪሎ ፍሌቶ ውስጥ ውሃ ያልሆነው 220 ግራም ቢሆን፣ በደንብ ደርቆ 15 በመቶ ብቻ እርጥበት ሲቀረው 260 ግራም ገደማ ይመዝናል። ቅመሙ የሚጨምረውንና በሥራ ላይ የሚባክነውን ስታቻችሉት የእህታችን ግምት ልክ ነው። ሙሉውን አሳ ገዝታ ራሷ ብትበልት ግን ፍሌቶ የሚወጣው ከአሳው ሲሶ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ለአንድ ኪሎ ቋንጣ 12 ኪሎ ያህል አሳ ያስፈልጋታል። ይኼን ስታዩ የዋጋው ጉዳይ ለምን እንዲህ እንደሚያከራክር ይገባችኋል።

እሱ ያነሳው ሌላ ነገር ከዋጋ ጋር የተያያዘ ነው። በርካሽ ልሽጥ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚፈተነው ማድረቂያው ላይ ነው። ቋንጣው 30 በመቶ እርጥበት እንዳለ ቢወጣ ያው አንድ ኪሎ ፍሌቶ ከ310 ግራም በላይ ይሰጣል። በወረቀት ላይ ትርፍ ይመስላል። ከሳምንታት በኋላ ግን ከረጢቱ በውስጥ በኩል ላብ ያወጣል፣ ጥግ ጥጉ ላይ ነጭ ሻጋታ ይታያል። ለማወቅ ቀላል ነው፤ አንዱን ዘለላ አጥፉት። በደንብ የደረቀው ቀጭ ብሎ ይሰበራል። እንደ ቆዳ የሚታጠፈው ገና ነው።

ከ6 እስከ 9 ያለው ሌላ ጉዳይ ሆነ። አንዱ መለያው ላይ የፆም ምግብ ብለሽ ጻፊበት አላት። ሌላው በፆም አሳ አይበላም ብሎ ተቆጣ። ሦስተኛው ድሮም ይበላ ነበር አለ። ነገሩ ተካረረ፣ ስድብም ተጨመረበት፤ የመድረኩ አስተባባሪ ሁለት ጽሑፍ አነሳ። ከዚህ ሁሉ ግን ለእህታችን አንድ የሚጠቅም ነገር ወጣ። ሰው በዚህ ጉዳይ ከተከፋፈለ መለያው ላይ እንዲህ ብሎ መጻፍ ግማሹን ገዢ ያስቀይማል። የሚበላው ሳይነገረውም ያውቀዋል።

10ኛው የእኔ ነው። የባለሱቁ ድርሻ የት ገባ ብዬ ጠየቅሁ። ሱቅ በነፃ አይሸጥም። ባለሱቁ ከመደርደሪያው ዋጋ 15 በመቶ ቢይዝ፣ ከ710ው እሷ እጅ የሚገባው 603 ብር ከ50 ነው። 530 ሲቀነስለት 73 ብር ከ50 ይቀራል። ስለዚህ የወሩን 18,000 ለመሸፈን 100 ከረጢት አይበቃም፣ 245 ያስፈልጋል። ተመዝጋቢ ከሆነች ደግሞ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ፤ ገዢው የሚያየው ዋጋ ያንንም ይዞ ነው። ዋጋ ሲወጣ ከመደርደሪያው ወደ ኋላ እየተቀነሰ መምጣት አለበት የምለው ለዚህ ነው።

11ኛው ላይ ባለጀልባው ተመለሰ፤ አሁን ተናዷል። እናንተ ወረቀት ላይ ስትደምሩና ስትቀንሱ ሰው ሠርቶ ይበላል ዓይነት ነው የጻፈው። 4ኛዋን ነጋዴ ሳትሆን ጸሐፊ ናት እስከማለት ደረሰ። ይኼ ተገቢ አልነበረም።

12ኛው የእሷ መልስ ነው፤ አልተቆጣችም። የጀልባውን ጉዳይ እሱ ራሱ ካየው በላይ አጥርታ አሳየችው። ጀልባው ሦስት ሰውም ጫነ አሥር ሰው፣ የሚያቃጥለው ነዳጅ ከሞላ ጎደል ያው ነው። ስለዚህ አራተኛው ሰው ግማሽ ዋጋም ቢከፍል የሚከፍለው በሙሉ ማለት ይቻላል ትርፍ ነው። በርካሽ ገበያ መግባት ለእሱ ሠርቷል፣ ትክክልም ነበር። ቋንጣው ግን እያንዳንዱ ከረጢት የራሱን አንድ ኪሎ ፍሌቶ ይበላል። በ450 ብትሸጥ በእያንዳንዱ 80 ብር ትከስራለች፤ ብዙ በሸጠች ቁጥር ብዙ ትከስራለች።

በርካሽ የሚገባ ሰው የሚተማመነው ብዙ ሲያመርት የአንዱ ወጪ ይቀንሳል በሚል ነው። ጣና ላይ ግን አሳ እንደ ፋብሪካ እቃ በትእዛዝ አይበዛም። ወደቡ ላይ አንዱ ነጋዴ በድንገት ሁለት እጥፍ ልግዛ ቢል ዋጋው የሚሄደው ወደ ላይ ነው። ፍሌቶው ከ420 ወደ 500 ቢወጣ ወለሉ 610 ይሆናል። በ600 ብር ሰው ያስለመደች ነጋዴ ያኔ በእያንዳንዱ ከረጢት 10 ብር ትከስራለች። ጨምሬያለሁ ስትል ደግሞ የለመደው ገዢ ዋናው ዋጋ 600 እንደነበር ነው የሚያስታውሰው፤ ተዘረፍኩ ይላል። ባለጀልባው ዋጋውን መልሶ መጨመር የቻለው ተሳፋሪው በአብዛኛው እንግዳ ስለሆነ ነው፤ ትናንት ስንት እንደነበር አያውቅም። ይኼን ስታነሳ ባለጀልባው ዝም አለ። እኔ በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

13ኛው ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል ወጥ ቤት የሚሠራ ሰው ነው፤ እጅግ ጠቃሚ ነገር ይዞ መጣ። ጓደኛዋ እንዳለችው ዋጋው በሚሰጠው ጥቅም ይተመን ከተባለ ለእኔ ጥቅሙ ይኼ ነው ብሎ አሰላ። አንድ ሳህን የአሳ ጉላሽ 160 ግራም ገደማ ፍሌቶ ይወስድበታል። አንድ ሳህን የአሳ ቋንጣ ፍርፍር 40 ግራም ቋንጣ ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ከረጢት ቋንጣም አንድ ኪሎ ፍሌቶም የሚሰጡት ያው ስድስት ሳህን ነው። ፍሌቶውን ጠዋት በደጁ በ420 ያገኛል። ቋንጣው የሚጨምርለት መብራት ሲጠፋ አለመበላሸቱን ነው። ለዚያ 50 ወይም 60 ብር ቢጨምር እንጂ 710 አይከፍልም። ማለትም እስከ 480።

ብዙ ሰው ይኼን አንብቦ እቃሽ አያዋጣም ማለት ጀመረ። እኔ ግን 14ኛው ላይ ተከራከርኩ። የወጥ ቤቱ ሰው ትክክል ነው፤ ግን የተናገረው ስለ ራሱ ነው። እሱ የሚከፍለው 480፣ የእሷ ወለል 530 ነው። ይኼ የሚለው የባሕር ዳር ሆቴል ደንበኛሽ አይደለም ነው። ገዢ ለአንድ እቃ የሚከፍለውን የሚወስነው ባያገኘው ኖሮ በምን ይተካው ነበር የሚለው ነው። ሐይቁ ዳር ላለ ሰው ምትኩ ትኩስ አሳ ነው፤ ትኩስ አሳ ደግሞ እዚህ ብርቅ አይደለም። አዲስ አበባ ላለ ሰው ምትኩ በበረዶ ተጉዞ የመጣ አሳ ወይም የበሬ ቋንጣ ነው። እህታችን ኋላ እንደነገረችን በጠየቀችባቸው ሱቆች 250 ግራም የበሬ ቋንጣ ከ850 እስከ 950 ይሸጣል። ዘመድ ሊጠይቅ ከባሕር ዳር ለሚሄድ መንገደኛ ደግሞ ትኩስ አሳ ምትክ ሊሆን አይችልም፤ መንገድ ላይ ይሸታል። አንዱ ከረጢት ለሦስቱ ሰዎች ሦስት ዋጋ አለው።

15ኛው ተቆጣ። የሰው ችግር እያዩ ዋጋ መስቀል ስግብግብነት ነው፣ ኑሮውን ያስወደደው እንዲህ ያለ ምክር ነው አለ። ቁጣው ይገባኛል፤ ሁላችንም ገበያ የምንወጣ ነን። ግን የአሳ ቋንጣ ጤፍ አይደለም፤ ሳይገዛው የሚራብ የለም። በጥቅም መተመን ዋጋን ዝቅ የሚያደርግበትም ጊዜ አለ፤ የወጥ ቤቱ ሰው ሒሳብ ከወንድሟ ሒሳብ በ230 ብር ዝቅ ያለ ነበር። እሱ ግን አልተቀበለኝም።

16ኛው ገዢው ምን ያህል እንደሚከፍል እንዴት ይታወቃል ብሎ ጠየቀ። 17ኛው፣ የገበያ ጥናት የተማረ ልጅ መሰለኝ፣ ሆላንዳዊው ፒተር ቫን ዌስተንዶርፕ እ.ኤ.አ. በ1976 ያቀረበውን የአራት ጥያቄ ዘዴ አመጣ። ስንት ትከፍላለህ ተብሎ አይጠየቅም። በስንት ብር ቢሆን ርካሽነቱ ያጠራጥርሃል፣ በስንት ጥሩ ግዢ ነው ትላለህ፣ በስንት ይወደዳል ግን ታስብበታለህ፣ በስንት ጨርሶ አትገዛውም ተብሎ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ለዚህ እቃ ትልቅ ቁም ነገር አለው። የታሸገ አሳ በጣም ከረከሰ ሰው ቆይቶበታል ብሎ ይጠረጥራል። ሆኖም 4ኛዋ እንዳለችው ሰው ቀምሶት ለማያውቀው ነገር የሚናገረው ዋጋና ከኪሱ የሚያወጣው አንድ አይደሉም። እሷ የመከረችው አስቀምሶ መጠየቅን፣ ከዚያ ሁለት የማይቀራረቡ ሱቆች ውስጥ በሁለት ዋጋ ለጥቂት ሳምንታት ሸጦ ማየትን ነው።

18ኛው ላይ እህታችን ራሷ ተመለሰች። ሁሉንም አመስግና፣ ለወጥ ቤቱ ሰው ለየት አድርጋ ምስጋና ጻፈች፤ ሆቴሎችን ትታለች። ግን አንድ ስጋት አላት። ማንም ቀምሶት የማያውቀውን ነገር በ800 ማን ይሞክረዋል?

19ኛው መልስ ከአንዲት በአነስተኛ ሱቅ ቅመም ከምትሸጥ እናት መጣ። እሳቸው ዋጋውን ሳይሆን ከረጢቱን አሳንሺ አሏት። 60 ግራም፣ ለአንድ ቀን ፍርፍር የሚበቃ፣ ከ200 ብር ትንሽ ከፍ ባለ ዋጋ። በግራም ሲሰላ ከትልቁ ይወደዳል፤ ከረጢቱና ጉልበቱ እንደ አሳው አያንስምና። ገዢው ግን 800 ብር አይደፍርም እንጂ 200ውን ለመቅመስ ያወጣል፣ የትልቁም ዋጋ ሳይነካ ይቆያል። ባለሱቁ ፈልጎት የነበረው ሰው እንዲለምደው ከሆነ ይኼ ያንኑ ያደርጋል፣ ወለሉንም አይሰብርም። ከቅናሽ ምክሮች ሁሉ ይኼ ለእኔ በልጧል።

20ኛው አዲስ ችግር አነሳ፤ እስካሁን መልስ አላገኘም። ባሕር ዳር በ700፣ አዲስ አበባ በ850 ከሸጥሽ፣ የሚመላለስ ነጋዴ ከዚህ ገዝቶ እዚያ በ800 ያወርድብሻል አለ። 4ኛዋ የከረጢቱን መጠን በየከተማው ለይው አለች። ባለጀልባውም ተመልሶ፣ አሁን ረጋ ብሎ፣ ጀልባው ላይ ለሚሳፈሩ እንግዶች በአንድ ዋጋ ልሽጥልሽ፣ ከተማ ውስጥ አትሽጪው አላት። እኔ ወደ እሱ አዘነብላለሁ፤ እዚህ ከተማ ውስጥ ገዢው መንገደኛ ብቻ ከሆነ ባሕር ዳር ላይ ዋጋውን ዝቅ የሚያደርግ ምክንያት የለም። ግን ይኼ በዓል ሲሆንና እንግዳ ሲበዛ እንጂ ክረምት ላይ ይሠራ ይሆን? እህታችን ገና አልወሰነችም። አዲስ አበባ ሱቅ ያላችሁ፣ እንዲህ ያለ እቃ ስትቀበሉ ስንት በመቶ እንደምትይዙና ያልተሸጠውን ማን እንደሚመልስ እባካችሁ ክሩ ላይ ጻፉላት።